የ10 በርና መስኮት ሊንተል፦ ስንት አርማታ፣ ስንት ፌሮ?

አዳማ_ቀበሌ08
ሰላም ለቤቱ። አዳማ ላይ በብሎኬት አንዲት ትንሽ ቤት እያሠራሁ ነው፤ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት። ኮለኑ ቆሟል፣ ግድግዳው የበሩ ራስ ጋ ደርሷል፣ አሁን ሊንተል ሊገባ ነው። ግንበኛው በእጅ ዋጋ ነው የሚሠራው፣ ዕቃ የምገዛው እኔ ነኝ። ትናንት የላከልኝ ዝርዝር ግን አስደነገጠኝ፦ ባለ 14 ፌሮ 12፣ ሲሚንቶ 4 ኩንታል። ለሊንተል ብቻ!

ክፍተቶቹ እነዚህ ናቸው። የውጭ ግድግዳ (20 ሳንቲም ብሎኬት) ላይ ዋናው በር 1.00 ሜትር፣ የሳሎን መስኮት 1.50፣ የሁለቱ መኝታ መስኮቶች 1.20 1.20፣ የኩሽና መስኮት 1.00፣ የሽንት ቤት መስኮት 0.60። የውስጥ ግድግዳ (15 ሳንቲም ብሎኬት) ላይ ሦስት በር በ0.90 እና የሽንት ቤት በር 0.80። ስደምረው ልክ 10 ሜትር ይመጣል። 10 × 0.20 × 0.20 = 0.40 ሜትር ኩብ አርማታ። ፌሮ አራት አራት ቢገባ 40 ሜትር፣ ማለት 4 ፌሮ። የእሱ 12፣ የእኔ 4። የማን ነው ልክ?

ቢሾፍቱ_ግንባታ
ወንድሜ ገንዘብ አታባክን። ለአንድ ፎቅ አልባ ቤት ሊንተል አራት ፌሮ ራሱ ምን ያደርጋል? እኔ ሁለት ባለ 12 አጋድሜ መሃሉ ላይ ነው የምለቀው፣ ስታፋ የሚባል ነገር አላስርም። ዋናው ቁም ነገር ሲሚንቶው ነው። ስንት ቤት ሠርቻለሁ፣ አንድም ወድቆብኝ አያውቅም።

ትግስት_ሰርቬየር
አዳማ፣ ያንተም የግንበኛውም ልክ አይደለም፤ ያንተ ያንሳል፣ የእሱ እጅግ ይበዛል።

አንተ የለካኸው ባዶውን ክፍተት ነው። ሊንተል ግን ክፍተቱን አልፎ ግራና ቀኝ ብሎኬቱ ላይ መተኛት አለበት። በዚህ መጠን ላለ ክፍተት እኔ በየጎኑ 20 ሳንቲም እይዛለሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ በርና መስኮት ላይ 40 ሳንቲም ትጨምራለህ። አንድ ክፍተት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ አሥር ክፍተት ላይ ግን 4 ሜትር ነው። 10 ያልከው 14 ሜትር ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ሁሉንም በ20 በ20 አባዝተሃል። የውስጡ ግድግዳህ 15 ነው፤ ሊንተሉም 15 ስፋት ነው የሚኖረው። ቁመቱን 20 አድርገው፣ ከአንድ ረድፍ ብሎኬት ጋር እኩል ስለሚሆን ግንበኛው መጥረብ አያስፈልገውም። ለያይተህ ስትሠራው፦

የውጭ፦ 6.50 + (6 × 0.40) = 8.90 ሜትር፣ በ0.20 × 0.20 ሲባዛ 0.356
የውስጥ፦ 3.50 + (4 × 0.40) = 5.10 ሜትር፣ በ0.15 × 0.20 ሲባዛ 0.153
ድምር 0.509 ሜትር ኩብ

ከባሬላ የሚፈሰውን፣ በካሳፎርማው ክፍተት የሚወጣውን ጨምረህ 0.55 ያዝ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለ2 ሳጥን አሸዋና ለ3 ሳጥን ጠጠር ቢቦካ (ሳጥኑ 50 በ40 ሆኖ ጥልቀቱ 18 ሳንቲም) ለዚህ 4 ከረጢት ይበቃል። 4 ከረጢት 2 ኩንታል ነው እንጂ 4 ኩንታል አይደለም። ምናልባት ግንበኛው 4 ከረጢት ማለቱ ይሆን? ጠይቀው፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሳይት ላይ አይቻለሁ።

አዳማ_ቀበሌ08
ትግስት እግዜር ይስጥሽ። ጠየቅኩት፣ «ኩንታል ነው ያልኩት፣ የሚተርፈው ለልስን ይሆናል» አለኝ 😅 የልስኑን ሲሚንቶ ደግሞ ለብቻው አስቀድሞ አስገዝቶኛል። ፌሮውስ?

የእማዬ_ቤት
ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። እኔ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ለእናቴ ደብረ ብርሃን ቤት አሠርቼ ባለፈው ዓመት አልቋል። ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል። አሁን ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ሊንተሉ ፌሮ አንሶት ነው? እዚህ አገር በእንጨት ስለሚሠራ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ጋሽ_ፎርማን
ልጆች እንደምን ናችሁ። መጀመሪያ የአዳማውን ልጨርስና ወደ እናትዮዋ ቤት እመጣለሁ።

ቢሾፍቱ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ሊንተሉን የሚሸከሙት የታችኞቹ ሁለት ፌሮዎች ናቸው። ጭነት ሲያርፍበት መሃሉ ወደ ታች ሊለምጥ ይፈልጋል፤ ሲለምጥ የሚከፈተው ታችኛው ፊቱ ነው። አርማታ ሲጫኑት እንጂ ሲስቡት አቅም የለውም፣ ስለዚህ ፌሮው እዚያው ሊከፈት ያለው ቦታ መገኘት አለበት። አንተ መሃል ላይ ስትለቀው ያ ባለ 12 ፌሮህ ግማሽ ሥራውን ነው የሚሠራው። ያልወደቀብህ ፌሮው ይዞት ሳይሆን ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ፣ ከላይም ቶፕ ታይ ቢሙ ጣሪያውን ወደ ኮለን ስለወሰደልህ ነው። ስታፋው ደግሞ ሌላው ቢቀር ፌሮውን ከታች በቦታው ያቆየዋል፤ ያለ ስታፋ አርማታ ስትደፋበት ፌሮው ወዴት እንደሚሄድ አንተም አታውቅም።

አዳማ፣ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ላለ ክፍተት፣ ከላዩ ሦስት አራት ረድፍ ብሎኬትና ቶፕ ታይ ቢም ላለበት ቤት፣ ባለ 10 ፌሮ ከታች ሁለት ከላይ ሁለት ተትረፍርፎ ይበቃል። ባለ 14 ለምን? ባለ 14 ለትንሽ ቤት ኮለን የሚገባ ፌሮ ነው። 12ቱ ባለ 14 ወደ 174 ኪሎ ይመዝናል፣ አንተ የሚያስፈልግህ ደግሞ ወደ 37 ኪሎ ነው። ይህ ግን ለእንዳንተ ዓይነት ቤት ነው። ጋራዥ በር 3 ሜትር ያለው ሰው ይህንን አንብቦ በባለ 10 እንዳይሠራ፤ እሱ ቢም ነው፣ ዲዛይን ያስፈልገዋል።

ትግስት_ሰርቬየር
ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው። ፌሮው ከሊንተሉ ጫፍ በየጎኑ 2.5 ሳንቲም ገባ ብሎ ይቆረጣል፣ ካልሆነ ጫፉ ወጥቶ ይዝጋል። ስለዚህ የ1.90 ሊንተል ፌሮ 1.85 ነው። የአሥሩንም እንደዚህ ብታወርደው 14 ሜትሩ 13.50 ይሆናል፣ በአራት ስታባዛው 54 ሜትር። አንድ ፌሮ 12 ሜትር ስለሆነ በሒሳብ 4 ፌሮ ተኩል፣ በግዢ 5።

5ቱ የሚበቃው ግን ፌራዮው አቆራረጡን ካወቀበት ነው። ከረጅሙ ይጀምር። የመጀመሪያው ፌሮ ላይ አራቱን 1.85፣ ሁለት 1.55፣ አንድ 1.35 ቢያወጣ 11.85 ሄደ፣ የሚጣለው 15 ሳንቲም ብቻ ነው። አጫጭሮቹን አስቀድሞ ከቆረጠ ግን ከየፌሮው አንድ አንድ ሜትር ቁራጭ እየተረፈ ስድስተኛ ግዛ ይልሃል።

ስታፋ በየ20 ሳንቲሙ በባለ 6። የውጩ 15 በ15 ሆኖ ከነመንጠቆው 75 ሳንቲም ይፈጃል፣ የውስጡ 10 በ15 ሆኖ 65። ቆጠርኩት፤ የውጭ 51፣ የውስጥ 31፣ ጠቅላላ 82 ስታፋ። 58 ሜትር ከምናምን ነው፣ 5 ፌሮ ወይም በኪሎ ከገዛህ 13 ኪሎ። ማሰሪያ ሽቦ 2 ኪሎ ውሰድ፣ ይተርፍሃል።

ብረት_ተራ
ፌሮ ነጋዴ ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 10 ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ባለ 10 አይደለም። ባለ 12 ሜትሩ ባለ 10 ፌሮ 7.4 ኪሎ መምዘን አለበት። ሻጩ ሚዛን የለኝም ካለ ሌላ ጋ ሂድ። 6 ኪሎ ከምናምን ከመጣ ቀጭን ነው፣ በዓይን አይለይም።

ቢሾፍቱ_ግንባታ
ጋሽ ፎርማን አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ መጽሐፍና ሳይት ይለያያል። ለማንኛውም ስታፋ ከታሰረ ከላይ ሁለት ባለ 8 ይበቃል፣ ባለ 10 ምን አስፈለገ?

ጋሽ_ፎርማን
እሱ ትክክል ነው፣ ይበቃል። የላዩ ስታፋ ማንጠልጠያ ነው። አራቱንም ባለ 10 ያልኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለአሥር ሜትር ምናምን ሊንተል ሌላ ዓይነት ፌሮ መግዛቱ ቁራጭ ያበዛል። ሁለተኛ፣ የውስጡን ሊንተል ብዙ ሰው መሬት ላይ ደፍቶ ከደረቀ በኋላ ነው የሚሰቅለው። የላዩና የታቹ ፌሮ ከተለያየ፣ አራት ሰው ተሸክሞት መሰላል ላይ ሲወጣ የትኛው ፊት ታች እንደነበር ማን ያስታውሳል? ተገልብጦ የተሰቀለ አይቻለሁ። አራቱም አንድ ከሆነ ቢገለበጥም ግድ የለም። የለም፣ በባለ 8 ነው የማደርገው የሚል ደግሞ ሳይደርቅ ላዩ ላይ በሚስማር «ላይ» ብሎ ይጻፍበት።

የ1.90ውን ግን መሬት ላይ አትድፉት። ወደ 190 ኪሎ ነው፣ ሰው ይጎዳል። እዚያው ቦታው ላይ በካሳፎርማ ይደፋ።

አሁን ቨርጂኒያ። እመቤቴ፣ ስንጥቁ ከየት ነው የሚነሳው? ከሊንተሉ መሃል ታች ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሄደ ሊንተሉ ራሱ ደክሟል ማለት ነው፤ ፌሮ አንሶታል ወይም ፌሮው ያለ ቦታው ነው ያለው። አንቺ እንዳልሽው ከጥግ ተነስቶ በሰያፍ ከሆነ ግን ጥርጣሬዬ ሌላ ነው። የሊንተሉ ጫፍ ብሎኬቱ ላይ ስንት ሳንቲም ተኝቷል? ከመለሰኑ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለ ላኪ።

የእማዬ_ቤት
ጋሼ ስላስጨነቅኩዎ ይቅርታ። ፎቶው አለኝ፣ አሁን ለጠፍኩት። ወንድሜ «አምስት ሳንቲም ቢሆን ነው» ይላል። ደግሞ «እመቤቴ» ብለውኛል እንጂ ወንድ ነኝ 😂 ስሙ ነው ያሳሳተዎ።

ጋሽ_ፎርማን
ሃሃ ይቅርታ ልጄ፣ ዓይኔም ደክሟል መሰለኝ።

ፎቶውን አየሁት። የሊንተሉ ጫፍ የተኛው በብሎኬቱ ቀጭን ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ በአምስት ሳንቲም ስታሳርፈው ጭነቱን ሁሉ አንድ ግድግዳው ተሸከመ ማለት ነው። እሱ ሲሰባበር ሊንተሉ በአንድ ጎን ይወርዳል፣ ስንጥቁም ከጥጉ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ ደረጃ ሠርቶ ይወጣል። ግን መሬቱ ወርዶም እንዲሁ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በፎቶ ብቻ ይህ ነው ብዬ አልምልም። ወንድምህ ልስኑን በትንሹ ያንሳና ብሎኬቱም ተሰንጥቆ እንደሆነ ይይ። ልስን ብቻ ከሆነ ችግር የለም። ብሎኬቱም ከሆነ ስንጥቁ ላይ ጂብሰም ጠብ አድርጎ ቀን ይጻፍበት። ከሦስት ወር በኋላ ጂብሰሙ ካልተሰነጠቀ ቆሟል፣ ከተሰነጠቀ እየሄደ ነውና መሐንዲስ ይጥራ።

አዳማ፣ አንተም ከዚህ አንብብ። ሊንተሉ የሚያርፍበትን የመጨረሻውን ብሎኬት ግንበኛው ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጦ ያስቀምጠውና በአርማታ ይሙላው። በሃያው ሳንቲም ላይ ይህ ከተጨመረበት ጫፉ በጠጣር ላይ ተኛ ማለት ነው። ለዚህ የሚሄደውን አርማታ ትግስት ከያዘችው ጭማሪ ላይ አታስብ፣ ለብቻው ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ጨምር።

አዳማ_ቀበሌ08
በጣም ነው የማመሰግነው። ሳይት ሄጄ ስለካ ሁለት ነገር አጋጠመኝ። አንደኛ፣ የሁለቱ መኝታ በሮች ጎን ለጎን ናቸው፣ መሃላቸው ያለው ግድግዳ 30 ሳንቲም ብቻ ነው። ከየሊንተሉ 20 20 ቢተኛበት 40 ሊሆን ነው፣ አይገባም። ሁለተኛ፣ የሽንት ቤቱ በር በአንድ ጎን ከኮለን ጋር ተለጥፏል፣ ሊንተሉ የሚተኛበት ብሎኬት የለም። ኮለኑ ሲደፋ ፌሮ አልተተወለትም።

ትግስት_ሰርቬየር
ሁለቱን በሮች በአንድ ሊንተል አልፋቸው። 0.20 + 0.90 + 0.30 + 0.90 + 0.20 = 2.50። ፌሮው አራት 2.45 ይሆናል። ስምንቱ 1.25 በአራት 2.45 ስለተተኩ ግዢህ አይለወጥም፣ አሁንም 5 ፌሮ ነው። ስታፋው እንዲያውም ሁለት ይቀንሳል። ግን ይህን መሬት ላይ እንዳትደፋው።

ቢሾፍቱ_ግንባታ
ለሽንት ቤቱ ቀላል ነው። ኮለኑን በመሮ ፈልፍለህ ዋናው ፌሮ ላይ ታስራለህ፣ አለቀ።

ጋሽ_ፎርማን
ኮለኑን አትንካው! መሮ የገባበት ኮለን ስታፋው ይገለጣል፣ አርማታው ይናጋል፣ ለአንድ ሽንት ቤት በር ብለህ ቤቱን የሚሸከመውን ታቆስላለህ። በድሪል ቀዳዳ አውጣና፣ ትቢያውን በደንብ ነፍተህ፣ ፌሮውን በኬሚካል ማጣበቂያ ቢያንስ 10 ሳንቲም አስገባ። አራት ቀዳዳ ነው። ድሪሉ ፌሮ ከመታ ትንሽ ፈቀቅ በል። ይህን የሚሠራ ሰው ካጣህ፣ በሩን ከኮለኑ በ10 ሳንቲም አርቀህ ከኮለኑ ጋር የተለጠፈች ጠባብ የአርማታ ምሰሶ አቁምና ሊንተሉን እሷ ላይ አሳርፈው። በሩ አሁን 80 ነው፤ ግድግዳው በሌላ በኩል ቦታ ካለው ገፋ ማድረግ ነው፣ ካልሆነ 70 ይሆናል። 70 በር ለሽንት ቤት ይኬዳል።

ላሜራ_በር
ክቡራን፣ በር ሠሪ ነኝ። በ0.90 የምትሉት የብሎኬቱ ክፍተት ነው ወይስ የበሩ? ምክንያቱም እኔ በር የምሠራው ልስኑ ካለቀ በኋላ ለክቼ ነው፣ ሁልጊዜ ደግሞ የሊንተሉ ታች ወርዶ በሩ ያጥርብኛል።

ትግስት_ሰርቬየር
እኔ የያዝኩት የብሎኬቱን ክፍተት ነው። ያንተ ችግር ከሊንተሉ ቁመት ጋር አይገናኝም፤ ካሳፎርማው ሲገጠም የወለሉ ንጣፍ ውፍረት ስለማይታሰብ ነው። ሴራሚክና ከሥሩ ያለው ሙሊት ከ5 ሳንቲም በላይ ይበላል። የሊንተሉ ታች ካለቀው ወለል ላይ ነው 2.10 መሆን ያለበት።

ሐዋሳ_ነዋሪ
እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዳማም ተሰምቷል። ለምን ቁርጥራጭ ሊንተል ትሠራላችሁ? ግድግዳውን ሁሉ ዙሪያውን በአንድ ቀበቶ ለምን አታስሩትም? እኔ ቤቴን እንደዚያ ነው ያሠራሁት።

ትግስት_ሰርቬየር
ዋጋውን ላሳይህ። የአዳማ ቤት 7 በ8 ነው ብንል የውጩ ዙሪያ 30 ሜትር ነው፣ የውስጥ ግድግዳው 15 ሜትር ቢሆን፣ አርማታው 1.65 ሜትር ኩብ ይደርሳል። አሁን ከያዝነው ሦስት እጥፍ ነው። ፌሮው ደግሞ 180 ሜትር፣ መደራረቢያው ሲጨመር 17 ባለ 10 ገደማ። 5 የነበረው።

ጋሽ_ፎርማን
ሐዋሳ ያለው ተገቢ ነው፣ በየትኛው ቤት የሚለው ግን ይለያል። ኮለን የሌለው፣ ጣሪያውን ብሎኬቱ ራሱ የሚሸከም ቤት ከሆነ፣ ያለ ቀበቶ አትሥራ እላለሁ፤ ሲናወጥ ግድግዳዎቹ ጥግ ላይ የሚለያዩት የሚያስራቸው ስለሌለ ነው። አዳማ ግን ኮለን አለው፣ ከታች ግራውንድ ቢም ከላይ ቶፕ ታይ ቢም አለው። እኔ ብሆን በዚህ ቤት ላይ ያንን ገንዘብ የኮለኑና የቢሙ መገናኛ ስታፋ ላይ አወጣዋለሁ።

ሐዋሳ_ነዋሪ
ኮለን ያለውም ቢሆን መሃል ላይ ያለው ብሎኬት ወደ ውጭ ይወድቃል ጋሼ። የወደቀው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። አልተስማማሁም።

ጋሽ_ፎርማን
ረጅም ግድግዳ ላይ እውነትህን ነው፣ አልክድም። የሳሎኑ ግድግዳ ከኮለን ኮለን ስንት ሜትር ነው አዳማ?

አዳማ_ቀበሌ08
4.20። መሃሉ ላይ 1.50ው መስኮት አለ።

ጋሽ_ፎርማን
እንግዲያው እሱን አንዱን ብቻ ከኮለን ኮለን አስረዝመው፣ በሁለቱም ጫፍ እንደ ሽንት ቤቱ በድሪል ከኮለኑ ጋር አገናኘው። የሳሎኑ ሊንተል ከ1.90 ወደ 4.20 ይሄዳል፤ አርማታው በ0.09 ሜትር ኩብ ይጨምራል፣ አንድ ባለ 10 ፌሮ ጨምረህ 6 ግዛ፣ ስታፋም 12 ያህል። ሲሚንቶ አንድ ከረጢት። ሌሎቹን እንዳሉ ተዋቸው።

ቢሾፍቱ_ግንባታ
ካሳፎርማውን በስንት ቀን ይፍታ? እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የምፈታው።

ጋሽ_ፎርማን
ጎኑን በማግስቱ ፍታ። የታቹን ድጋፍ ቢያንስ 7 ቀን፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ውኃ እየጠጣ። የ2.50ውን 10 ቀን እተወዋለሁ።

ትግስት_ሰርቬየር
እኔ ያለሁበት ሳይት ሁሉንም 14 ቀን ነው የሚያስጠብቁን ጋሼ።

አዳማ_ቀበሌ08
እሺ፣ ነገ የምገዛው ይኸው፦ ባለ 10 ፌሮ 6፣ ባለ 6 ፌሮ 6፣ ሽቦ 2 ኪሎ፣ ሲሚንቶ 5 ከረጢት ተኩል ስለማይሸጥ 6። ሚዛኑንም አስመዝናለሁ። ግንበኛው «ባለ 14 ካልሆነ አልሠራም» እያለ ነው፣ እሱን ደግሞ እንዴት እንደማደርገው...

ብረት_ተራ
ሱቄ ሲመጣ ባለ 14ቱን ስንት እንደምገዛው አስቀድሞ ጠይቆኝ የሚያውቅ ግንበኛ አለ 😄 የተረፈውን ማለቴ ነው።